የሃፍ አደር ጥያቄ በዲጂታል ሎጂክ ፈተና፦ ከእውነት ሠንጠረዡ እስከ ሰርኪቱ፣ ዳሰሳ

በዲጂታል ሎጂክ ትምህርት ከሚቀርቡ የንድፍ ጥያቄዎች መካከል ሁለት ባለ አንድ ቢት ቁጥሮችን የሚደምር ሰርኪት እንዲነደፍ የሚጠይቀው አጭሩና ተደጋጋሚው ነው። ቢት ማለት ከ0 ወይም ከ1 አንዱን ብቻ ሊይዝ የሚችል የሁለትዮሽ አሃዝ ሲሆን፣ ሁለት ቢቶችን ብቻ ተቀብሎ ድምራቸውን የሚያወጣው ሰርኪት ሃፍ አደር ወይም ግማሽ ደማሪ ይባላል። ጥያቄው ብዙውን ጊዜ በአራት ክፍሎች ተከፋፍሎ ይመጣል፤ መጀመሪያ የእውነት ሠንጠረዡ፣ ቀጥሎ ከሠንጠረዡ የሚወጣው የቡሊያን ቀመር፣ ከዚያም ሰርኪቱ፣ በመጨረሻም ሰርኪቱ በናንድ ጌት ብቻ እንደገና እንዲሠራ ይጠየቃል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክፍሎች በቃሉ የያዘ ተማሪ ሁሉ ሊመልሳቸው ስለሚችል የተፈታኙን እውቀት የሚለየው አራተኛው ክፍል ነው፤ ሆኖም አራተኛው ላይ የሚታየው ስህተት አብዛኛውን ጊዜ ሥሩ ከመጀመሪያው፣ ማለትም ከሠንጠረዡ ላይ ይገኛል።

የእውነት ሠንጠረዥ፣ ተማሪዎች ትሩዝ ቴብል የሚሉት፣ ግብዓቶቹ ሊይዙ የሚችሉትን ዋጋ ሁሉ በረድፍ በረድፍ አስፍሮ ከእያንዳንዱ ረድፍ ጎን የሚፈለገውን ውጤት የሚያስቀምጥ መግለጫ ነው። ግብዓቶቹ ሁለት ከሆኑና እያንዳንዳቸው ሁለት ዋጋ ከያዙ ረድፎቹ አራት ይሆናሉ። የውጤት ዓምዶቹ ቁጥር ግን ከግብዓቶቹ ቁጥር ሳይሆን ከመደመሩ ሥራ የሚመጣ ነው። ሁለት ቢቶች ተደምረው ሊደርሱበት የሚችሉት ትልቁ ቁጥር 2 ሲሆን፣ 2 ደግሞ በሁለትዮሽ አጻጻፍ 10 ተብሎ በሁለት አሃዞች ስለሚጻፍ፣ ለውጤቱ ሁለት ዓምዶች ያስፈልጋሉ። የአንድ ቤቱ አሃዝ ድምር ይባላል፣ በፊደል S ይወከላል፤ ወደ ቀጣዩ ቤት የሚያዘው አሃዝ ደግሞ ካሪ ይባላል፣ በፊደል C ይወከላል። በወረቀት ላይ 7 እና 5 ሲደመሩ 2 ተጽፎ 1 እንደሚያዝ ሁሉ፣ በሁለትዮሽም 1 እና 1 ሲደመሩ 0 ተጽፎ 1 ይያዛል።

```
A  B | C  S
0  0 | 0  0
0  1 | 0  1
1  0 | 0  1
1  1 | 1  0
```

በዚህ ሠንጠረዥ ካሪው ከድምሩ በስተግራ የተቀመጠው በዘፈቀደ አይደለም። C እና S አንድ ላይ ሲነበቡ 00፣ 01፣ 01፣ 10 የሚሉ የሁለትዮሽ ቁጥሮች ይሆናሉ፤ እነዚህም በአሥርዮሽ 0፣ 1፣ 1፣ 2 ናቸው፤ ማለትም በየረድፉ ግብዓቱ ውስጥ ስንት 1 እንዳለ የሚቆጥሩ ናቸው። ዓምዶቹን S ከዚያ C አድርጎ ማስቀመጥ ስህተት ባይሆንም፣ ተፈታኙ ሠንጠረዡን በዐይኑ አንብቦ የማረጋገጥ ዕድሉን ያጣል። ከዚህም በላይ የካሪና የድምር ዓምዶች ስያሜ በጥድፊያ ተቀያይሮ የሚጻፍበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም፤ ይህም ሲሆን 1 እና 0 ተደምረው 2 ሆነው ስለሚነበቡ ስህተቱ ወዲያው ይታወቃል።

በሠንጠረዡ ላይ ከሚፈጸሙ ስህተቶች ሁሉ ጎልቶ የሚወጣው የመጨረሻው ረድፍ ላይ የሚደርሰው ነው። ተማሪው ከዚህ ጥያቄ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ የቡሊያን አልጀብራን ተምሯል፤ በዚያ ትምህርት የመደመር ምልክቱ "ወይም" የሚለውን የሎጂክ ግንኙነት የሚያመለክት በመሆኑ 1+1=1 ነው። በሃፍ አደር ጥያቄ ውስጥ ግን መደመር የተባለው የሒሳቡ መደመር ሲሆን ውጤቱ 10 ነው። ሁለቱን ያደባለቀ ተፈታኝ በመጨረሻው ረድፍ ላይ ካሪውን 0፣ ድምሩን 1 አድርጎ ይጽፋል፤ ቀጥሎም ከዚያ ሠንጠረዥ በትክክለኛ አካሄድ S=A+B እና C=0 የሚል ቀመር ያወጣል፤ በስተመጨረሻም አንድ ኦር ጌት ብቻ ሥሎ ይወጣል። እዚህ ላይ አልጀብራውም ሥዕሉም እንከን የለባቸውም፤ የተሳሳተው የተነሳበት ጉዳይ ነው። ምልክቱም ግልጽ ነው፤ የካሪው ዓምድ ከላይ እስከ ታች 0 ከሆነ ያ ዓምድ ባይኖርም ለውጥ አያመጣም፣ ጥያቄው ግን ሁለት ውጤቶችን ጠይቋል። ሌላው ስህተት በመጨረሻው ረድፍ ሁለቱንም ውጤቶች 1 ማድረግ ሲሆን፣ ይህ 1 እና 1 ተደምረው 3 ሆኑ ማለት ነው። ከሁለት ቢቶች 3 ፈጽሞ ሊገኝ ስለማይችል በትክክለኛ ሠንጠረዥ ውስጥ C እና S በአንድ ረድፍ አብረው 1 አይሆኑም።

ከሠንጠረዡ ወደ ቀመር የሚደረገው ሽግግር በአንድ ደንብ ይመራል፤ ውጤቱ 1 የሆነበት እያንዳንዱ ረድፍ በግብዓቶቹ ብዜት ይጻፋል፣ በረድፉ 0 የሆነው ግብዓት ተገልብጦ፣ 1 የሆነው እንዳለ ይገባል፣ ከዚያም የተገኙት ብዜቶች በ"ወይም" ይያያዛሉ። እንዲህ ያለው ብዜት ሚንተርም ይባላል፤ ከፊደል በኋላ የሚጻፈው ጭረት (') ደግሞ መገልበጥን፣ ማለትም 0ን ወደ 1፣ 1ን ወደ 0 መለወጥን ያመለክታል። ካሪው 1 የሆነው በአንድ ረድፍ ብቻ ስለሆነ ቀመሩ አጭር ነው፤ ድምሩ ግን በሁለት ረድፎች 1 ስለሆነ የሁለት ሚንተርሞች ጥምር ይሆናል።

```
C = A·B
S = A'·B + A·B'
```

የመጀመሪያው ቀመር የኤንድ ጌት ቀመር ነው፤ ኤንድ ጌት ሁለቱም ግብዓቶች 1 ሲሆኑ ብቻ 1 የሚያወጣ የሎጂክ አካል ነው። ሁለተኛው የኤክስኦር ጌት ቀመር ሲሆን፣ ይህ ጌት ግብዓቶቹ ሲለያዩ 1፣ ሲመሳሰሉ 0 ያወጣል። ስለዚህ የጥያቄው ሦስተኛ ክፍል መልስ ሁለት ጌቶች ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም ከተመሳሳይ A እና B ይመገባሉ፣ አንዱ S፣ ሌላው C ያወጣል።

ብዙ ተፈታኞች ከዚህ በፊት የድምሩን ቀመር በካርኖ ማፕ ለማሳጠር ይሞክራሉ። ካርኖ ማፕ ሠንጠረዡን በሚጎራበቱ ሳጥኖች መልሶ በማደራጀት ጎን ለጎን የወደቁ 1ዎችን አቧድኖ ቀመርን የሚያሳጥር ዘዴ ነው። በዚህ ጥያቄ ግን የድምሩ ሁለት 1ዎች በአራቱ ሳጥኖች ላይ የሚወድቁት በሰያፍ ነው፤ በሰያፍ የተቀመጡ ሳጥኖች በሁለት ግብዓቶች ስለሚለያዩ ሊቧደኑ አይችሉም። መልሱም "አያጥርም" የሚል ነው። ይህን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጽፎ የሚያልፍ ተፈታኝ ዘዴውን ከነገደቡ እንደሚያውቅ ያሳያል፤ ሰያፍ ሳጥኖችን አቧድኖ አንድ ፊደል የሚያስቀር ግን በመጨረሻው ረድፍ ወይም በመጀመሪያው ረድፍ የተሳሳተ ውጤት ያገኛል።

ሆኖም በካርኖ ማፕ አያጥርም ማለት ሰርኪቱ በጥቂት ጌቶች ሊሠራ አይችልም ማለት አይደለም። ፈታኙ ኤክስኦር ጌት እንዳይጠቀሙ ከልክሎ ሦስቱን መሠረታዊ ጌቶች፣ ማለትም ኤንድ፣ ኦር እና ገልባጩን ኖት ጌት ብቻ ቢፈቅድ፣ ቀመሩን ቃል በቃል የተከተለ ሥዕል ሁለት ኖት፣ ሦስት ኤንድ እና አንድ ኦር፣ በድምሩ ስድስት ጌቶች ይወስዳል። ነገር ግን ድምሩ 1 የሚሆነው "ከግብዓቶቹ ቢያንስ አንዱ 1 ሲሆንና ሁለቱም 1 ሳይሆኑ" ነው ተብሎ ቢታሰብ፣ "ሁለቱም 1 ሲሆኑ" የሚለው አስቀድሞ በካሪው ተሠርቷልና S=(A+B)·C' ይሆናል። በዚህ መንገድ አንድ ኦር፣ አንድ ኖት እና ሁለት ኤንድ፣ በድምሩ አራት ጌቶች ይበቃሉ። ካርኖ ማፕ ይህን የማያሳየው እያንዳንዱን ውጤት ለብቻው ስለሚያይ ነው፤ አንዱ ውጤት ለሌላው መሥሪያ ሊሆን እንደሚችል አይነግርም።

ወደ አራተኛው ክፍል ሲመጣ ይኸው መጋራት ዋናው ቁልፍ ይሆናል። ናንድ ጌት ኤንድ ጌት ተገልብጦ ነው፤ ሁለቱም ግብዓቶች 1 ሲሆኑ ብቻ 0 ያወጣል፣ በሌላው ሁሉ 1። ማንኛውም የሎጂክ ሰርኪት በናንድ ጌት ብቻ ሊሠራ ስለሚችል ሁሉን አቀፍ ጌት ይባላል፤ ኖት በአንድ ናንድ፣ ኤንድ በሁለት፣ ኦር በሦስት ናንድ ይተካሉ። ይህን የመተኪያ ዝርዝር በቃሉ የያዘ ተፈታኝ ስድስቱን ጌቶች አንድ በአንድ ቢተካ ለሁለቱ ኖት ሁለት፣ ለሦስቱ ኤንድ ስድስት፣ ለኦሩ ሦስት፣ በድምሩ አሥራ አንድ ናንድ ጌቶች ይሥላል። ሰርኪቱ ትክክል ይሠራል፣ ነገር ግን ንድፍ ለመባል ይቸግራል። ትንሽ ያስተዋለ ሰው ተከታትለው የመጡ ሁለት ግልበጣዎች እርስ በርሳቸው እንደሚሰረዙ አይቶ ወደ ሰባት ያወርደዋል። ወደ አምስት ለማውረድ ግን ከሥዕሉ ወጥቶ ወደ ቀመሩ መመለስ ያስፈልጋል።

አካሄዱ የሚጀምረው A·A' እና B·B' ሁልጊዜ 0 መሆናቸውን ከማስታወስ ነው፤ 0 በ"ወይም" ቢጨመር ዋጋውን ስለማይለውጥ ሁለቱ ወደ ድምሩ ቀመር ሊገቡ ይችላሉ። ከገቡ በኋላ A እና B እንደ የጋራ አባዢ ይወጣሉ፤ በቅንፍ የሚቀረው A'+B' ደግሞ በደ ሞርጋን ሕግ (A·B)' ይሆናል፤ ይህ ሕግ የብዜት ግልባጭ የግልባጮች ጥምር እንደሆነ የሚገልጽ ነው። በመጨረሻም መላው ቀመር ሁለት ጊዜ ተገልብጦ ውስጠኛው ግልበጣ እንደገና በደ ሞርጋን ሕግ ሲከፈት ከናንድ በቀር ምንም አይቀርም።

```
S = A·A' + A·B' + B·A' + B·B'
  = A·(A'+B') + B·(A'+B')
  = A·(A·B)' + B·(A·B)'
  = ((A·(A·B)')' · (B·(A·B)')')'
```

በመጨረሻው መስመር (A·B)' ሁለት ጊዜ ቢታይም በሰርኪቱ ላይ አንድ ጌት ብቻ ነው፤ ውጤቱ ለሁለት ቦታ ይከፋፈላል። ካሪው ደግሞ የዚሁ ጌት ውጤት ተገልብጦ ስለሚገኝ አንድ ተጨማሪ ናንድ፣ ሁለቱ ግብዓቶቹ አንድ ላይ ታስረው፣ ይበቃዋል። ጌቶቹ በስም ሲለዩ ሰርኪቱ የሚከተለው ነው።

```
N1 = (A·B)'
N2 = (A·N1)'
N3 = (B·N1)'
S  = (N2·N3)'
C  = (N1·N1)'
```

ሰርኪቱ ትክክል መሆኑ የሚረጋገጠው አራቱን ረድፎች አንድ በአንድ በማሳለፍ ነው። A እና B ሁለቱም 1 ሲሆኑ N1 ወደ 0 ይወርዳል፤ ናንድ ጌት አንድ ግብዓቱ 0 ከሆነ ሌላው ምንም ቢሆን 1 ስለሚያወጣ N2 እና N3 ሁለቱም 1 ይሆናሉ፤ ሁለት 1ዎች የገቡበት የመጨረሻው ጌት S=0 ያወጣል፤ ካሪው የN1 ግልባጭ ነውና 1 ይሆናል። A 0፣ B 1 ሲሆኑ ግን N1 1 ነው፣ N2 ከA በመጣው 0 ምክንያት 1 ነው፣ N3 ሁለት 1ዎች ስለገቡበት 0 ነው፣ ስለዚህ S 1፣ C 0 ይሆናሉ። A 1፣ B 0 የሆነበት ረድፍ ሰርኪቱ ለሁለቱ ግብዓቶች እኩል በመሆኑ N2 እና N3 ቦታ ተለዋውጠው ያንኑ ውጤት ይሰጣል፤ ሁለቱም 0 ሲሆኑ ደግሞ ሦስቱም የውስጥ ጌቶች 1 ስለሚያወጡ S እና C 0 ይሆናሉ። ይህ ማረጋገጫ በፈተና ወረቀት ጥግ ላይ ከሁለት ደቂቃ በላይ የማይፈጅ ሆኖ ሳለ የሚዘለል መሆኑ ያስገርማል።

ፈታኙ ናንድን በኖር ተክቶ ሲያመጣ ደግሞ የናንዱን ሥዕል በቃሉ የያዘ ተማሪ ይቸገራል። ኖር ጌት የኦር ግልባጭ ነው፤ ሁለቱም ግብዓቶች 0 ሲሆኑ ብቻ 1 ያወጣል። የአምስቱን ናንድ ጌቶች ሥዕል ወስዶ እያንዳንዱን በኖር መተካት ሌላ ሰርኪት ይሰጣል፤ በS ቦታ ግብዓቶቹ ሲመሳሰሉ 1 የሚያወጣ፣ በC ቦታ ደግሞ ተራ ኦር የሆነ። ትክክለኛው መንገድ ከሠንጠረዡ 0ዎች መነሳት ነው፤ ድምሩ 0 የሚሆነው ሁለቱም 1 ሲሆኑ ወይም ሁለቱም 0 ሲሆኑ ስለሆነ፣ ሁለቱን ሁኔታዎች የሚለዩ ጌቶች በአንድ ኖር ጌት ቢያያዙ ድምሩ ይገኛል። ሁለቱም 0 መሆናቸውን አንድ ኖር ጌት በቀጥታ ይለያል፤ ሁለቱም 1 መሆናቸውን የሚለየው ካሪው ራሱ ሲሆን እሱም A' እና B' በኖር ሲያያዙ ይገኛል። ሁለት ለግልበጣ፣ አንድ ለካሪ፣ አንድ ለሁለቱ 0፣ አንድ ለድምር፤ እዚህም አምስት ጌቶች ናቸው።

በሥዕሉ ላይ የሚጠፋው ነጥብ በአብዛኛው ከጥቃቅን ምልክቶች የሚመጣ ነው። የኤክስኦር ምልክት ከኦር የሚለየው ከጀርባው ባለች አንዲት ተጨማሪ ቅስት ብቻ ነው፣ ናንድ ከኤንድ የሚለየውም በአፍንጫው ላይ ባለች ትንሽ ክብ ነው። A እና B ለሁለት ጌቶች ሲከፋፈሉ መስመሮች መቋረጣቸው አይቀርም፤ በዚያ ቦታ ነጥብ ከተደረገ ሽቦዎቹ ተያይዘዋል፣ ካልተደረገ ተሻግረው አልፈዋል ማለት ነው። ነጥቡን በሁሉም መገናኛ ላይ ያደረገ ተፈታኝ ሳያውቀው A እና Bን አንድ ላይ አስሯል።

የሰርኪቱ ስም "ግማሽ" የተባለበት ምክንያትም ተደጋግሞ ይጠየቃል። 11 እና 01፣ ማለትም 3 እና 1፣ ሲደመሩ በአንድ ቤቱ 1 እና 1 ተደምረው 0 ይጻፋል፣ 1 ይያዛል፤ በሚቀጥለው ቤት ግን የሚደመሩት 1፣ 0 እና የተያዘው 1 ናቸው፣ ሦስት። ሃፍ አደር ሦስተኛውን የሚቀበልበት በር ስለሌለው ከመጀመሪያው ቤት በቀር ሊሠራ አይችልም። ሦስት ግብዓቶች የሚቀበለው ፉል አደር የሚሠራው ሁለት ሃፍ አደሮችን በማቀጣጠልና ካሪዎቻቸውን በአንድ ኦር ጌት በማያያዝ ነው። የመጀመሪያው ሃፍ አደር ካሪ ካወጣ ድምሩ 0 ስለሆነ ሁለተኛው ካሪ ሊያወጣ አይችልም፤ ሁለቱ ካሪዎች አብረው 1 ስለማይሆኑም በኦሩ ቦታ ኤክስኦር ቢገባ ውጤቱ አይለወጥም። ይህ C እና S አብረው 1 አይሆኑም ከተባለው የሠንጠረዡ ባሕርይ በቀጥታ የሚከተል ነው።

በቃል የተያዘን መልስ ከተረዱት ለመለየት ፈታኞች የሚጠቀሙበት ሌላው መንገድ መደመሩን በመቀነስ መለወጥ ነው። ሃፍ ሰብትራክተር የሚባለው ከA ላይ Bን የሚቀንስ ሰርኪት ሲሆን የልዩነቱ ዓምድ ከድምሩ ዓምድ ጋር አንድ ዓይነት ነው፣ ኤክስኦር። ከቀጣዩ ቤት የሚበደረው አሃዝ ግን 1 የሚሆነው ከ0 ላይ 1 ሲቀነስ ብቻ ስለሆነ ቀመሩ A'·B ይሆናል። የለመደውን ኤንድ ጌት ሳይለውጥ የሚሥል ተፈታኝ ሠንጠረዡን እንዳልሠራ ወዲያው ይታወቅበታል።

የጥያቄው ታሪካዊ መነሻ ከዛሬዎቹ ጌቶች የቀደመ ነው። ክሎድ ሻነን በ1937 ለኤምአይቲ ባቀረበው የማስተርስ ጥናት የቡሊያን አልጀብራ የሪሌ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚነዱ ማብሪያ ማጥፊያዎች፣ ሰርኪት ለመንደፍ እንደሚያገለግል ሲያሳይ ከምሳሌዎቹ አንዱ የሁለትዮሽ ደማሪ ነበር፤ በዚያው ዓመት የቤል ላብራቶሪው ጆርጅ ስቲቢትዝ በቤቱ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ በሪሌዎችና በአምፖሎች ደማሪ ሠርቷል።

ጥያቄው በተግባር ፈተና ሲመጣ በሠንጠረዡ ላይ የማይታዩ ነገሮች ይገባሉ። በቤተ ሙከራዎች የተለመደው 7400 የተባለው ቺፕ አራት ናንድ ጌቶችን በአሥራ አራት እግሮች የያዘ ሲሆን፣ ኃይል በ14ኛው እግር ይገባል፣ 7ኛው መሬት ነው። ድምሩ ብቻ ቢሆን አራቱ ጌቶች ልክ ይበቁ ነበር፤ ካሪው አምስተኛ ጌት ስለሚጠይቅ ሁለተኛ ቺፕ ያስፈልጋል። በ7402 የኖር ቺፕ ላይ ደግሞ የመጀመሪያው ጌት ውጤት በ1ኛው እግር፣ ግብዓቶቹ በ2ኛውና በ3ኛው ናቸው፤ በ7400 ግን ግብዓቶቹ 1 እና 2፣ ውጤቱ 3 ስለሆነ የአንዱን አሠራር ለሌላው መውሰድ ሰርኪቱን ያበላሻል። በእነዚህ ቲቲኤል ቺፖች ላይ ያልተገናኘ ግብዓት አብዛኛውን ጊዜ እንደ 1 ስለሚቆጠር፣ የB ሽቦ ሳይያዝ ከቀረ ሰርኪቱ B ሁልጊዜ 1 እንደሆነ ሆኖ ይሠራል፤ ካሪው Aን ይከተላል፣ ድምሩ የA ግልባጭ ይሆናል። እንዲህ ያለ ውጤት ያየ ተማሪ ጌቶቹን ከመለዋወጡ በፊት ሽቦውን ማየት ይኖርበታል።

የነጥብ አሰጣጡ ከዚህ ሁሉ ጋር መስማማት ይገባዋል። በመጨረሻው ረድፍ 1+1=1 ብሎ ከተሳሳተው ሠንጠረዥ ትክክለኛ ቀመርና ትክክለኛ ሥዕል ያወጣ ተፈታኝ የሠንጠረዡን ነጥብ ሊያጣ ይገባል፣ የሚከተሉትን ግን አይደለም፤ የተሳሳተ ሠንጠረዥ ሠርቶ ከሥሩ በቃሉ የያዘውን ኤክስኦርና ኤንድ የሣለው ግን ሰርኪቱ ትክክል ቢሆንም ከሠንጠረዡ የወጣ አይደለምና የቀመሩን ነጥብ ሊያገኝ አይገባም።